«አይሰማም ብለህ አረጋግጥ!» ሲሏችሁ፡ ማስረጃ ማን ያምጣ የሚለውን ለመለየት

«ስልኬ ሲሰማኝ ነው የሚውለው» የሚለው ክርክር ውስጥ ያልገባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለ ጫማ ያወራሉ፣ ማታ ላይ የጫማ ማስታወቂያ ይመጣል፣ አንዷ «ይኸው ሰማኝ» ትላለች፣ ሌላው «ባክሽ አጋጣሚ ነው» ይላል፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ክርክሩ ስለ ስልክ መሆኑ ይቀርና «አንተ አረጋግጥ፣ አይ አንቺ አረጋግጪ» ላይ ተገትሮ ይቀራል። አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው ማስረጃ አጥቶ ሳይሆን የሱ ያልሆነውን ሸክም ዝም ብሎ ተቀብሎ ስለሚሸከም ነው፣ ወይ ደግሞ የራሱን ሸክም ሳያውቀው ሌላው ላይ ስለሚጥል። እዚህ ይሄንኑ የስልክ ክርክር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘን እንሄዳለን፣ የሚከራከሩት እህትና ወንድም ናቸው እንበል፣ እህትየው «ይሰማል» ባይ ናት፣ ወንድምየው «አይሰማም» ባይ። እናንተ የፈለጋችሁትን ሌላ ክርክር ቦታው ላይ መተካት ትችላላችሁ፣ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

1. መጀመሪያ የተባለውን ነገር ጻፉት፣ ከዛ ሰነጣጥቁት

ማን ያረጋግጥ ከማለታችሁ በፊት ምን እንደሚረጋገጥ እወቁ። ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ግማሹ ጭቅጭቅ እዚሁ ላይ ነው የሚያልቀው። «ስልክ ይሰማል» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያንስ አራት የተለያየ ነገር ነው።

አንደኛው፣ ድምፅ ረዳት የከፈተ ስልክ መጥሪያ ቃሉን ለመያዝ ማይኩን ክፍት አድርጎ ይጠብቃል። ይሄ እውነት ነው፣ አምራቾቹ ራሳቸው ይናገሩታል፣ ማንም ማንንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። ሁለተኛው፣ አንዳንዴ መጥሪያው ሳይባል የተባለ መስሎት ይነሳና የቀዳው ድምፅ ወደ ድርጅቱ ይሄዳል። ይሄም በ2019 በሰፊው ወጥቷል፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከነዚህ ቅጂዎች የተወሰኑትን ጥራት ለማሻሻል በሚል በሰው ያስደምጡ ነበር፣ ጉዳዩ ሲወጣ አፕልም ጎግልም ለጊዜው አቁመውት ነበር። ሦስተኛው፣ አፖች ቀኑን ሙሉ ወሬያችንን እየቀዱ ለማስታወቂያ ይልካሉ። አራተኛው ደግሞ፣ ትናንት ማታ ያየሁት የጫማ ማስታወቂያ የመጣው ጠዋት ስላወራሁ ነው።

አሁን እህትየው የምታወራው ስለ ሦስተኛው ወይ ስለ አራተኛው ነው፣ ማስረጃ ስትጠየቅ ግን የምታመጣው የሁለተኛውን ነው፣ «በ2019 ሲያዳምጡ ተይዘው የለ እንዴ» ብላ። ወንድምየውም እንደሷው ነው፣ ሦስተኛውን ሲክድ አንደኛውንና ሁለተኛውንም አብሮ ይክዳል፣ ከዛ እሷ ሁለተኛውን ስታሳየው ሁሉንም የተሸነፈ ይመስላል። ስለዚህ ክርክሩ ሲጀመር «የትኛውን ነው የምትይው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ወረቀት ላይ ወይ ቻት ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፣ ሁለታችሁም «አዎ ይሄን ነው» በሉ። መጻፉን አትናቁት፣ ካልተጻፈ ነገርየው ክርክሩ መሀል ላይ ቅርፁን ይለውጣል፣ ማስረጃ ሲጠየቅ ትንሽ ሆኖ ይቀርባል፣ ጠያቂው ዞር ሲል ደግሞ ተመልሶ ትልቅ ይሆናል።

እኛ ሦስተኛውን እንያዝ፦ «አፖች ወሬያችንን ቀኑን ሙሉ እየቀዱ ለማስታወቂያ ይልካሉ።»

2. እያንዳንዱ ሰው የቆመበትን ቦታ ለዩ

ሰው ሁለት ቦታ ብቻ ያለ ይመስለዋል፣ አዎ እና አይደለም። ሦስት ነው። «ይልካሉ» የሚል አለ፣ «አይልኩም» የሚል አለ፣ «እስካሁን አላሳመነኝም» የሚል አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ ዓለም የሆነ ነገር ተናግረዋል፣ ስለዚህ ሁለቱም በየፊናቸው ዕዳ አለባቸው። ሦስተኛው ስለ ስልክ ምንም አልተናገረም፣ የተናገረው ስለ ቀረበው ማስረጃ ነው፣ የሱ ዕዳ ቢበዛ ማስረጃው ለምን እንዳልበቃው መናገር ነው።

ወንድምየው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስሜቱ «አላሳመንሽኝም» ነው፣ አፉ ላይ የሚመጣው ግን «ውሸት ነው፣ እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ነው። ይሄን ካለ እህትየው «እሺ አለመኖሩን አሳየኛ» ብትለው ልክ ናት! ብዙ ሰው «የሚክድ ሰው ማስረዳት የለበትም» ብሎ በቃሉ ይዞታል፣ ነገሩ ያረጀ የሕግ መርህ ነው፣ በ533 በወጣው በዩስቲኒያኖስ የሕግ ስብስብ ውስጥ ፓውሉስ የሚባለው የሮማ የሕግ አዋቂ «የማስረዳት ሸክሙ በሚናገረው ላይ እንጂ በሚክደው ላይ አይደለም» ማለቱ ሰፍሯል። ግን ይሄ አንዱ ከሳሽ ሌላው ተከሳሽ ሆኖ ለሚቆምበት ነገር የተበጀ ነው። ተራ ክርክር ላይ «የለም» ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰውም ተናጋሪ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «አይ» መኖሩ ከዕዳ አያወጣም፣ እንደዛ ቢሆንማ «ስልክ ግላዊነታችንን አይጠብቅም» ብላ ገልብጣ ብትናገረው እህትየውም ነጻ ትሆን ነበር።

ስለዚህ እንደ ወንድምየው ያላችሁ ሰዎች ከ«አይሰማም» ወደ «ይሰማል የሚያስብል ነገር አላየሁም» ውረዱ። ብዙዎች ይሄን እንደ ሽንፈት ያዩታል፣ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ከዚህ ቦታ ላይ ሆናችሁ ጥያቄ ብቻ ነው የምትጠይቁት። በርግጥ ማጭበርበሪያም ሊሆን ይችላል፣ በልቡ «በፍፁም አይሰማም» ብሎ ወስኖ፣ ማስረጃ ላለማምጣት ብቻ «እኔ አልካድኩም፣ አላሳመነኝም ነው ያልኩት» የሚል ሰው አለ። መለያው ቀላል ነው፣ «ምን ብታይ ነው የምታምነው?» በሉት። መልስ ካለው እውነቱን ነው፣ ከሌለው ክዷል ማለት ነው ስለዚህ ዕዳውን ይክፈል።

3. ማንም ምንም ባያመጣ በምን እንደሚያልቅ ተስማሙ

የማስረዳት ሸክም ሲባል ብዙ ሰው «ማን ብዙ ያውራ» ማለት ይመስለዋል። ጠበቆች ሲጠቀሙበት ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው፦ ሁለቱም ወገን ባዶ እጁን ቢመጣ፣ ወይ ማስረጃው እኩል ለእኩል ቢሆን፣ ማን ይሸነፋል? ሸክሙ ያለው እሱ ላይ ነው። ወንጀል ላይ ዐቃቤ ሕግ ባዶ እጁን ከመጣ ተከሳሹ ይወጣል፣ ተከሳሹ ንጹህ መሆኑ ስለተረጋገጠ አይደለም፣ ጥፋተኛ መሆኑ ስላልተረጋገጠ ነው።

ፍርድ ቤት ይሄ በሕግ ተቀምጧል፣ ቤት ውስጥ ክርክር ላይ ግን እናንተ ናችሁ የምታስቀምጡት። እኔ ሁለት ነገር ነው የማየው። አንዱ፣ ማስረጃው ማን እጅ ነው ያለው? እህትየው አፑ ውስጥ ገብታ ኮዱን ማየት አትችልም፣ ድርጅቱ ግን ይችላል። ክርክሩ ከወንድሟ ጋር ሳይሆን ከድርጅቱ ጋር ቢሆን ኖሮ «ማይኩን ለምን እንደምትፈልጉት አስረዱ» ማለቷ ሙሉ በሙሉ ተገቢ ነው፣ ወንድሟን ግን እንደ ድርጅቱ ጠበቃ አድርጋ ልትይዘው አትችልም፣ እሱም እንደሷው ከውጭ ነው የሚያየው።

ሁለተኛውና ትልቁ፣ ብንሳሳት የትኛው ስህተት ነው የሚከፋው? ይሄን የሚያሳይ ከታሊዶማይድ የተሻለ ታሪክ አላውቅም። መድኃኒቱ ጀርመን ውስጥ ከ1957 ጀምሮ ለእንቅልፍ ምናምን ይሸጥ ነበር፣ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ነበር። በ1960 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ እዛ ለመሸጥ ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አመለከተ፣ ፋይሉ ፍራንሲስ ኬልሲ የምትባል አዲስ የገባች ባለሙያ እጅ ወደቀ። የዛን ጊዜ ሕጉ እንዲህ ነበር፦ መሥሪያ ቤቱ በ60 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ መድኃኒቱ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። ልብ በሉ፣ ዝምታ ማለት «እሺ» ነው፣ ማንም ምንም ባያደርግ የሚያሸንፈው ሻጩ ነው። ኬልሲ መድኃኒቱ ጎጂ ነው የሚል ማረጋገጫ እጇ ላይ አልነበራትም። ያደረገችው ነገር «የላካችሁት መረጃ ደህንነቱን አያሳይም፣ ተጨማሪ አምጡ» እያለች መመለስ ነው፣ ኩባንያው ደጋግሞ ቢጨቀጭቃትም ቀኑ በደረሰ ቁጥር ትመልሰዋለች። «ይጎዳል ብለሽ አረጋግጪ» የሚለውን አልተቀበለችም፣ አይጎዳም ብሎ ማስረዳት የነሱ ነው። በ1961 መጨረሻ ላይ መድኃኒቱ እጅና እግራቸው በትክክል ያልተሠራ ልጆች እንዲወለዱ ማድረጉ ታውቆ ጀርመን ውስጥ ከገበያ ወጣ፣ በዓለም ላይ የተጎዱት ልጆች ከ10,000 በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። በ1962 አሜሪካ ሕጉን ቀየረች፣ ከዛ በኋላ ዝም ማለት መፍቀድ መሆኑ ቀረ፣ አምራቹም መድኃኒቱ እንደሚሠራ ጭምር ማሳየት ግዴታው ሆነ።

ወደ ስልካችን ስንመለስ፣ ክርክሩ «ምን እንመን» ከሆነ ሸክሙ «ይልካሉ» ባይዋ ላይ ነው፣ ምክንያቱም አንድ የተወሰነ ነገር እየተደረገ ነው ያለችው እሷ ናት። ክርክሩ «ለዚህ የባትሪ መብራት አፕ ማይክ እንፍቀድለት ወይ» ከሆነ ግን ሸክሙ አፑ ላይ ነው፣ መከልከል ምንም አያስከፍለንም፣ መፍቀድ ግን ሊያስከፍለን ይችላል። ሁለቱን ጥያቄ አትቀላቅሉ። እህትየው ማይክ ብትዘጋ ልክ ናት፣ መዝጋቷ ግን መሰማቷን አያረጋግጥም።

4. «አይደለም ብለህ አረጋግጥ» ሲመጣ

ይሄ ነው ካለማወቅ የሚነሳ ክርክር የሚባለው። ሁለት መልክ አለው፣ «ሐሰት መሆኑ ስላልተረጋገጠ እውነት ነው» እና «እውነት መሆኑ ስላልተረጋገጠ ሐሰት ነው»። እህትየው የመጀመሪያውን ትጠቀማለች፣ ወንድምየው ሁለተኛውን፣ እርስ በርስ ይሰዳደባሉ እንጂ የሚሠሩት ስህተት አንድ ነው። ፈላስፋው ጆን ሎክ በ1690 ስም የሰጠው ነገር ነው፣ እሱ ያየው ተከራካሪን «ወይ የኔን ተቀበል ወይ የተሻለ አምጣ» ብሎ ማስጨነቅን ነበር። አሁንም በየቻቱ የሚሠራው ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ ክፉው ሰው ላይ ሲሆን ነው። በ1950 ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮሚኒስቶች አሉ እያለ ዝርዝር ሲያነብ፣ ስለ አንዱ ሰው ብዙ መረጃ እንደሌለው ራሱ ተናግሮ ከኮሚኒስቶች ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያስተባብል ነገር ግን ፋይሉ ውስጥ እንደሌለ ጠቅሶ ነበር። ባዶ ፋይል ክስ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክስ ሲመጣባችሁ ለማስተባበል አትሩጡ፣ ማስተባበል ስትጀምሩ ሸክሙን ተቀብላችኋል፣ የቱንም ያህል ብታስተባብሉ ደግሞ «ያልታየው ሌላ ይኖራል» የሚባልበት ቦታ አይጠፋም። «ነው የምትለው ምን አይተህ ነው?» ብቻ በሉና ዝም በሉ።

ስሜት ሳታነሳሱ ስህተቱን ለማሳየት የሚሠራው ነገር መገልበጥ ነው፣ ያንኑ አባባል ወስዳችሁ ተናጋሪው የማያምንበትን ነገር መሀሉ ላይ መክተት። ወንድምየው እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ቲቪያችን ሁላችንንም እየቀረጸ ለጎረቤት ይልካል፣ አይልክም ብለሽ ልታረጋግጪ ትችያለሽ? አትችይም፣ ስለዚህ ይልካል ማለት ነው?» እህትየው «ይሄማ ጅልነት ነው» ካለች፣ የራሷ ክርክር ከዚህ በምን እንደሚለይ ማሳየት አለባት። ልታሳይ ልትችልም ትችላለች! «ስልኩ አጠገብ ያወራሁት ነገር ማስታወቂያ ሆኖ መጥቷል፣ ስለ ቲቪው ግን ምንም ምልክት የለም» ትላለች። በጣም ጥሩ፣ አሁን ካለማወቅ ወጥታ ማስረጃ ማቅረብ ጀምራለች፣ የተፈለገውም ይሄው ነው። ይሄን ነገር ለመሳለቂያ ከተጠቀማችሁበት ግን አይሠራም፣ ሰውየው ይናደድና ቲቪውንም ማመን ይጀምራል።

5. «አልተገኘም» መቼ ነው ማስረጃ የሚሆነው

እዚህ ጋ ቀስ እንበል፣ ምክንያቱም ያለፈውን ደረጃ የተማረ ሰው ቶሎ ብሎ «አለመገኘት በፍፁም ማስረጃ አይሆንም» ወደሚል ሌላ ጠርዝ ይሄዳል። ይሆናል እንጂ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ነገሩ ቢኖር ኖሮ ያ ፍለጋ ያገኘው ነበር ወይ? ኪስህ ውስጥ ቁልፍ ፈልገህ ካጣህ ኪስህ ውስጥ ቁልፍ የለም፣ ኪስህን ፈልገህ ካጣህ ግን ቤት ውስጥ ቁልፍ የለም ማለት አይደለም።

ወንድምየው ጥሩ ነገር ሊያመጣ ይችላል። በ2018 የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 17,260 የአንድሮይድ አፖችን ፈትሸው በድብቅ ድምፅ ቀድቶ የሚልክ አንድም አላገኙም። ይሄ ከዝም ብሎ «አልተረጋገጠም» ይለያል፣ ፈልገው ነው ያጡት። ግን ፍለጋው ምን ማየት ይችል እንደነበር እንይ። አፖቹን ያንቀሳቅስ የነበረው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው፣ ሰው ሲያወራ ብቻ የሚነሳ አፕ ካለ ሊያመልጥ ይችላል። የታየው ከስልኩ የሚወጣ የድምፅና የምስል ፋይል ነው፣ ድምፁን እዛው ስልኩ ላይ ወደ ጽሑፍ ቀይሮ የሚልክ ካለ በዚህ አይያዝም። የሚገርመው ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ፣ አንዳንድ አፖች የስክሪኑን ምስልና ቪዲዮ ለሌላ ድርጅት ሲልኩ ተገኙ፣ ይሄ የሚያሳየው ፍለጋው ዓይን እንደነበረው ነው። እና በትክክል የሚባለው ምንድነው? «ድምፅ እየቀዱ በገፍ መላክ የተለመደ ነገር ነው» የሚለውን በጣም ያዳክመዋል፣ «አንድም አፕ በምንም መንገድ አያደርገውም» የሚለውን ግን አያረጋግጥም።

ራሳችሁም ልትፈትሹ ትችላላችሁ። ንግግር በደንብ ተጨምቆ በሴኮንድ 16 ኪሎቢት ቢላክ በሰዓት ወደ 7 ሜጋባይት ይሆናል፣ በ12 ሰዓት ከ80 ሜጋባይት በላይ ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ያ አፕ በቀን ስንት ዳታ እንደበላ እዩ፣ ሳትከፍቱት የዋለ አፕ 2 ሜጋ ብቻ ከበላ ቀኑን ሙሉ ድምፅ አልላከም። ግን ጽሑፍ በጣም ትንሽ ነው፣ የአንድ ሰዓት ወሬ በጽሑፍ መቶ ኪሎባይት አካባቢ ቢሆን ነው፣ እሱ በዳታ ቆጠራ አይታይም። አያችሁ፣ ያው ፍተሻ ለአንዱ አባባል ጠንካራ ነው ለሌላው ምንም አይደለም። ከአይኦኤስ 14 እና ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ አፕ ማይክ ሲከፍት ከላይ የምትታየው ብርቱካናማ ወይ አረንጓዴ ነጥብም እንደዛው ናት፣ ተራ አፕን ታጋልጣለች፣ የስልኩ የራሱ ሥርዓት መጥሪያ ቃል ሲጠብቅ ግን አትበራም።

6. ማስረጃ ሲቀርብ ሸክሙ ይሻገራል

እህትየው አሁን ማስረጃዋን አቀረበች እንበል፣ «ስለ ጫማ አወራሁ፣ በሰዓታት ውስጥ መጣ»። ደካማ ነው ግን ባዶ አይደለም። አሁን ተራው የወንድምየው ነው፣ «አጋጣሚ ነው» ካለ ደግሞ እሱም አንድ ነገር ተናግሯል፣ ዝም ብሎ የሚወረወር ቃል አይደለም። «አጋጣሚ ሊሆን ይችላል» ከሆነ ያለው ሌላ መንገድ መኖሩን ማሳየት ይበቃዋል፦ ባለፈው ሳምንት ጫማ ፈልገሽ ነበር ወይ፣ አብራሽ ያወራችው ጓደኛሽ ያንኑ ዋይፋይ ላይ ሆና ፈልጋ ነበር ወይ፣ ማስታወቂያው ከማውራትሽ በፊትም ይመጣ የነበረና አሁን ትኩረት ስለሰጠሽው የታየሽ ይሆን ወይ። በተለይ የመጨረሻው፣ ሰው ያላወራባቸውን ሁለት መቶ ማስታወቂያዎች አይቆጥርም።

ሁለቱም ከዚህ በላይ በአፍ መሄድ ካልቻሉ መሞከር ነው፣ አሞካከሩ ላይ ግን ሰው ሁሉ ያበላሸዋል። ስልክ ፊት «ድመት ድመት ድመት» ብሎ ማታ ማስታወቂያ መጠበቅ ምንም አይነግራችሁም። እንዲህ አድርጉት፦ 20 የሚሸጡ ነገሮች ምረጡ፣ ከጭንቅላታችሁ አይሁን (ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለው ነገር ከማስታወቂያ የመጣ ሊሆን ይችላል)፣ መዝገበ ቃላት በዘፈቀደ እየገለጣችሁ አውጡ። ወረቀት ላይ በእጅ ጻፉ፣ ስልክ ላይ እንዳትጽፉት፣ እንዳትፈልጉትም። በዕጣ 10ሩን ለዩና እየተፈራረቃችሁ ስልኩ አጠገብ አውሩባቸው፣ ሌሎቹን 10 አፋችሁ አይንካቸው። ከዛ ለአንድ ሳምንት የሚመጡትን ማስታወቂያዎች የትኛው እንደተወራ የማያውቅ ሦስተኛ ሰው ይቁጠር። ቆጣሪው ካወቀ «ይሄ እንኳን ይመስላል» እያለ ሳያስበው ወደ አንዱ ያጋድላል።

ከተወራባቸው 3፣ ካልተወራባቸውም 3 ከመጡ ማውራቱ ምንም አልጨመረም፣ ማስታወቂያዎቹ እንዲሁም የሚመጡ ናቸው። ከተወራባቸው 8፣ ካልተወራባቸው 0 ከመጣ ወንድምየው ሥራ አለበት፣ አሁን «አጋጣሚ» ማለት አይችልም። ከተወራባቸው 0 ከመጣስ? ወንድምየው ጮቤ ሊረግጥ ይፈልጋል፣ ግን በ10 ሙከራ ዜሮ መገኘት ነገሩ ከነጭራሹ የለም አያሰኝም። የስታቲስቲክስ ሰዎች ቀላል ቀመር አላቸው፣ 3ን ለሙከራው ብዛት ማካፈል፣ ዜሮ ሲገኝ 95 በመቶ በሚሆን እርግጠኝነት የነገሩ መጠን ከዛ አይበልጥም ይላል። በ10 ሙከራ 30 በመቶ ነው፣ በጥሬው ሲሰላ 26 አካባቢ ይመጣል፣ ቀመሩ ሙከራው ሲበዛ ነው የሚጠራው። ማለት ከአራት ወሬ አንዱ ቢሰማ እንኳን ይሄ ሙከራ ሊያልፈው ይችላል። በ60 ሙከራ ከሆነ 5 በመቶ። ስለዚህ ወንድምየው ሊል የሚችለው «ሁልጊዜ የሚሰማ አይደለም» ነው፣ «በጭራሽ አይሰማም» ለማለት ሙከራው አልደረሰለትም።

እና ይሄ ሙከራ የዛ ስልክ፣ የዛ ሳምንት፣ እዛ ላይ የተጫኑት አፖች ሙከራ ነው። እህትየው የተሸነፈች እንደሆነ «የኔን ስልክ አይደለም የሞከራችሁት» ትላለች፣ ልክ ናት፣ ግን ከዛ በኋላ በሷ ስልክ ለየት ያለ ነገር አለ ማለቷ ስለሆነ ምን እንደሆነ መናገሩ የሷ ነው። «አሁን እየተሞከረ መሆኑን ስላወቀ ነው ያልሰማው» ካለች ደግሞ እዛ ላይ አቁሙ፣ በምንም ውጤት የማይሸነፍ አባባል ላይ ማስረጃ ማምጣት ድካም ብቻ ነው፣ «ምን ቢታይ ነው ተሳስቻለሁ የምትይው?» በሏትና መልሱን በመጀመሪያው ወረቀት ጀርባ ላይ አጽፏት።

7. ሳይቋጭ ሲቀር

ብዙ ክርክር እዚህ ያበቃል። «አልታወቀም» ብሎ መለያየት ይቻላል፣ ግን የሚጻፍ ነገር ይኑር፦ የቱ አባባል ነው የተዳከመው፣ የቱ ነው ሳይነካ የቀረው፣ ምን ቢመጣ ነው የሚከፈተው። የኛዎቹ ቢጽፉ እንዲህ ይሆናል፦ «ድምፅ ቀኑን ሙሉ ይላካል» የሚለው ዳታ ቆጠራው ላይ ወድቋል። «በጽሑፍ ቀይሮ አልፎ አልፎ ይልካል» የሚለው አልተሞከረም፣ ማስረዳት የሚቀረው እሷ ላይ ነው። «ረዳቱ በስህተት ይነሳል» የሚለው ሁለቱም የተስማሙበት ነው። የጫማው ማስታወቂያ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ያ ማለት ደግሞ ከማይክ መጣ ማለትም ከማይክ አልመጣም ማለትም አይደለም።

ማይኩ ላይ ያለው ውሳኔ ግን ይሄን ሁሉ አይጠብቅም። ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ፣ ከዛ ማይክሮፎን የሚለውን ግቡ፣ ዝርዝሩን እዩና ድምፅ የማያስፈልገውን አፕ ሁሉ ዝጉበት፣ ድምፅ ረዳቱን የማትጠቀሙበት ከሆነም አጥፉት። የሆነ አፕ ማይክ ሲዘጋበት አልሠራም ካለ ለምን እንደሚፈልገው ማስረዳቱ የሱ ነው፣ እስኪያስረዳ ድረስ ተዘግቶ ይቆያል።